ደሞዝ በወር መጨረሻ ለሚገባላችሁ፦ የኪራይ ቀንን ከአከራይ ጋር ተስማምቶ ማዛወር

የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ የአንድ ድርጅት ደሞዝ ክፍል ውስጥ። ማታ በሰርቪስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ደሞዝ መቼ ነው የሚገባው? የቤት ኪራዬ 15 ላይ ነው፣ እጄ ላይ ምንም የለም።» አንዱ አዲስ ተቀጣሪ ነው፣ ሌላዋ ሦስት ዓመት የሠራች ናት። ችግሩ ግን አንድ ነው። ቤቱን የያዙት ወሩ አጋማሽ ላይ ስለሆነ ኪራዩ በዚያው ቀን ይቆጠራል፤ ደሞዙ ደግሞ ከዚያ ሳምንትና አሥር ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ በየወሩ ኪራዩ የሚደርሰው ኪስ ባዶ በሆነበት ሰሞን ነው።

መፍትሔው በየወሩ «ትንሽ ቀን ይታገሡኝ» ማለት አይደለም። ቀኑን አንድ ጊዜ በስምምነት ማዛወር ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የሚያስታግሥ ተከራይ በአከራዩ ዓይን ሁልጊዜ ባለዕዳ ነው። ቀን ያዛወረ ግን ቀኑን ጠብቆ የሚከፍል ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለራሴም ለሥራ ባልደረቦቼም የሠራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት ስድስት ወራት የባንክ ስቴትመንት፣ ወይም ደሞዝ ሲገባ የመጡት የስልክ መልእክቶች
- የኪራይ ውላችሁ። ውል ከሌላችሁ የከፈላችሁባቸው ደረሰኞች፣ የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ማስረጃዎች
- የእኛንም የፈረንጆቹንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር
- የመሸጋገሪያ ቀናቱ ሒሳብ፣ በእጅ ያለ ጥሬ ብር (እንዴት እንደሚሰላ በደረጃ 3 አለ)
- ሁለት ቅጂ ወረቀትና ሁለት ምስክሮች

ደረጃ 1፦ ደሞዛችሁ በእኛ አቆጣጠር በትክክል መቼ እንደሚገባ እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ብዙ የግል ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ደሞዝ የሚከፍሉት በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው። የቤት ኪራይ ግን የሚቆጠረው በእኛ ወር ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ የእነሱ አንዳንዱ 31 ነው። ስለዚህ የደሞዝ ቀን በእኛ አቆጣጠር አንድ ቦታ አይቆምም። ከየካቲት በቀር ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይዘገያል። የወሩ የመጨረሻ ቀን በእኛ ሲቆጠር እንዲህ ነው፦

- መስከረም 20፣ ጥቅምት 21፣ ኅዳር 21፣ ታኅሣሥ 22
- ጥር 23፣ የካቲት 21፣ መጋቢት 22፣ ሚያዝያ 22
- ግንቦት 23፣ ሰኔ 23፣ ሐምሌ 24፣ ነሐሴ 25

ከዚያ ጳጉሜን ትገባና ቀኑ እንደገና ወደ መስከረም 20 ይመለሳል። (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት እስከ ጥር ድረስ አንድ ቀን ይቀድማል። ይህ ለእናንተ አይጎዳም።)

ይህን ሳላውቅ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ገና ሥራ እንደጀመርኩ፣ ጥቅምት ላይ፣ ደሞዝ 21 ሲገባ አየሁና አከራዬን «በ22 ላድርገው» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ተሳካ። ጥር ላይ በአንድ ቀን ዘገየሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን፤ ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን። አከራዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን «ቀኑን የመረጥሽው አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛ ጊዜ ቀን ማስቀየር ከመጀመሪያው ይልቅ በጣም ይከብዳል።

ስለዚህ የምትመርጡት ቀን የሚለካው በአሁኑ ወር አይደለም። በነሐሴ ነው። በዓመቱ ውስጥ ደሞዝ በጣም የሚዘገይበትን ቀን ውሰዱ፤ በእኛ ምሳሌ 25 ነው። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ወይም እሑድ ላይ ከዋለ ደሞዙ ሰኞ ሊገባ ይችላል። ለእሱ ሁለት ቀን ጨምሩ። 27 ይሆናል።

ደሞዛችሁ በእኛ ወር የሚከፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ ይህ መዘግየት የለባችሁም። ለእናንተ የሚያስፈልገው ስቴትመንቱ ነው። የስድስቱን ወር ቀኖች ጻፉ፣ ከሁሉም የዘገየውን ያዙ፣ ሁለት ቀን ጨምሩ። ውጤቱ ከ30 ካለፈ የሚቀጥለውን ወር 2 ወይም 3 አድርጉት። የዘገየው አንድ ወር ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱን የደሞዝ ክፍላችሁን ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ መዘግየት ለዘለቄታው ቀን መምረጫ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ደሞዝ እንደገባ እከፍላለሁ» ብላችሁ አትዋዋሉ። አከራይ የእናንተን ደሞዝ የማወቅ ግዴታ የለባቸውም። ቁጥር ያለው ቀን ስጡ።

ደረጃ 2፦ አከራዩ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልጉት አስቀድማችሁ ጠይቁ

የኪራይ ብር አከራዩ እጅ ገብቶ አይቀመጥም። የባንክ ብድር ይከፈልበታል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፈንበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ዕቁብ ይጣልበታል። ይህን ሳታውቁ ቀን ብታመጡ፣ ያመጣችሁት ቀን የእሳቸውን ጉዳይ የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄውን የምታቀርቡት የኪራይ ቀኑ ከመድረሱ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ነው። ያን ወር ኪራይ በሰዓቱ ከፍላችሁ፣ ሦስት አራት ቀን ካለፈ በኋላ ሂዱ። በመክፈያው ቀን ከጠየቃችሁ ግን፣ ምንም ብትሉ፣ ብር የላቸውም ነው የሚባለው።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ከወረደ በኋላ ጥሩ ነው። እንግዳ ካለ ግን ተዉት፤ የገንዘብ ነገር በሰው ፊት አይነሳም። በልጅ፣ በሠራተኛ ወይም በደላላ አትላኩ። የቤቱ ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የመብራት ክፍያ እንደበዛ በዚያው ቀን አታንሱ። አንድ ቀን አንድ ጉዳይ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደሴ ሆጤ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት በ4,500 ብር ይዛለች። ኪራይዋ በ15 ነበር። ጥቅምት 19 ከአከራይዋ ጋር የተነጋገሩትን እንደነገረችኝ ልጻፈው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«ምነው፣ ደኅና ነሽ? ልትለቂ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ። የኪራዩ ነገር ነው። ደሞዜ የሚገባው ከ20 በኋላ ነው፣ ኪራዩ ደግሞ 15 ላይ ይደርሳል። ባለፈው ሁለቴ አስቸግሬዎታለሁ። ቀኑን ወደ 27 ብናዞረው ብዬ ነው። በመሃል ያሉትን ቀኖች ሒሳብ እከፍላለሁ፤ እርስዎ ላይ አንድ ቀንም አይጎድልም።»

«እኔ እኮ በ17 ዕቁብ አለብኝ ልጄ። ያንቺን ነው የምጥለው።»

ጥሩ ነገር እዚህ ላይ ወጣ። ዕቁባቸው በ17 ስለሆነ በ15 የሚገባው ብር በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ባልደረባዬም አስልታ ሄዳ ስለነበር መልስ ነበራት።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ለ17ቱ ዕቁብ ብሩ ከሃያ ቀን በፊት እጅዎ ይገባል። የሚያጥርብዎ የኅዳሩ ብቻ ነው። የኅዳር 15 ሙሉውን ሳይሆን 1,800 ብር ነው የምሰጥዎ፤ ቀሪውን ያኔ ከሌላ ይችሉታል? ካልቻሉ በአንድ ወር እናዘግየው።»

እትዬ ትንሽ አስበው «አብሽሪ፣ የኅዳሩን ከልጄ እቀበላለሁ። ግን በ27 ብያለሁ፣ 27 ነው» አሏት።

የአከራዩን ትክክለኛ ጭንቀት ካወቃችሁ የምትነጋገሩት በእሱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ወር ብቻ ነው፤ አንድ ወር አስቀድማችሁ የምትናገሩትም ለዚህ ነው።

አከራዩ ውጭ ከሆኑ፦ በወሎ ይህ ብዙ ነው። የቤቱ ባለቤት ዓረብ አገር ናት፣ ኪራይ የሚቀበሉት እናቷ ወይም ወንድሟ ናቸው። ብር የሚቀበል ሰው ሁሉ ውል የማሻሻል ሥልጣን የለውም። የውክልናው ወረቀት ይህን ይፈቅድ እንደሆነ በአክብሮት ጠይቁ። ካልፈቀደ ባለቤቷ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት እንድታረጋግጥላችሁ አድርጉና መልእክቱን አስቀምጡ። አለዚያ ለበዓል ስትመጣ «እኔ የማውቀው 15 ነው» ልትል ትችላለች።

ደረጃ 3፦ የመሸጋገሪያ ቀናቱን ሒሳብ አውጡ

ከ15 ወደ 27 ሲዛወር በመሃል 12 ቀን አለ። እነዚያን ቀኖች ቤቱ ውስጥ ኖራችኋል፤ ሒሳባቸው የአከራዩ ነው። ቀን ማዛወር የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ ይህን ስለሚረሳ ነው። አከራዩ በአፋቸው ባይሉትም «12 ቀን በነፃ ወሰደብኝ» ብለው ይይዙታል።

ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው።

- 4,500 ብር ለ30 ሲካፈል የአንድ ቀን ኪራይ 150 ብር
- 150 በ12 ሲባዛ 1,800 ብር

ባልደረባዬ ቅድሚያ ከፋይ ናት፤ ማለትም ወሩ ሲገባ የሚመጣውን ወር ትከፍላለች። ስለዚህ እንዲህ አደረገች። ኅዳር 15 ላይ 1,800 ብር ከፈለች፤ ይህ ከኅዳር 15 እስከ 26 ላሉት 12 ቀናት ነው። ኅዳር 27 ላይ ሙሉውን 4,500 ብር ከፈለች፤ ይህ እስከ ታኅሣሥ 26 ነው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በ27 ትከፍላለች።

በኅዳር ወር ብቻ በድምሩ 6,300 ብር ከእጇ ወጥቷል። ይህን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ቅጣት አይደለም፤ የኖራችሁበት 42 ቀን ሒሳብ ነው። ስትለቁም ወራችሁ የሚሞላው በ26 ስለሚሆን ትርፍ የከፈላችሁት ነገር የለም። ግን ያን ወር ሠርግ ወይም የዕድር ወጪ ካለባችሁ ሌላ ወር ምረጡ።

1,800 ብሩን በአንዴ ማውጣት ካቃታችሁ በሦስት ከፍላችሁ በ27ቱ ኪራይ ላይ በየወሩ 600 ብር መጨመር ትችላላችሁ። ለሦስት ወር 5,100 ትከፍላላችሁ ማለት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በተዛወረበት ቀን ዕዳ ካለባችሁ አከራዩ ነገሩን እንደ ማስታገሥ ነው የሚያዩት። በእጅ ያለ 1,800 ብር ደግሞ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ኪራይ የምትከፍሉት ወሩ ከሞላ በኋላ ከሆነም ስሌቱ ያው ነው። የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍላችሁ ከሆነ ግን የከፈላችሁት እስኪያልቅ ጠብቁና መሸጋገሪያውን ያኔ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ በወረቀት አስፍሩት

የቃል ስምምነት በመልካም ቀን ይሠራል። ችግር የሚመጣው አከራዩ ሲታመሙና ልጃቸው ሲቀበል፣ ወይም ቤቱ ሲሸጥ ነው። ውላችሁ በጽሑፍ ከሆነ ማሻሻያውም በጽሑፍ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው ይላል፤ ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ለእናንተ ቤትም ይህንኑ ብትከተሉ ኋላ ክርክር አይኖርም። ውሉ በመንግሥት ቢሮ ተመዝግቦ ከሆነ ማሻሻያውንም ወደዚያው ውሰዱት።

የወረቀቱ ይዘት ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

> የኪራይ መክፈያ ቀን ማሻሻያ
>
> እኛ አከራይ ………… እና ተከራይ ………… በ………… ቀን ባደረግነው የቤት ኪራይ ውል ላይ የሚከተለውን ተስማምተናል።
>
> 1. ወርሃዊ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወሩ 15 ወደ ወሩ 27 ተዛውሯል።
> 2. ከኅዳር 15 እስከ ኅዳር 26 ላሉት 12 ቀናት ብር 1,800 ተከፍሏል።
> 3. ከኅዳር 27 ጀምሮ ኪራዩ እንደ ቀድሞው በወር ብር 4,500 ነው።
> 4. ለጳጉሜን ቀናት ኪራይ አይታሰብም።
> 5. ሌሎቹ የውሉ ቃሎች እንዳሉ ይቀጥላሉ።
>
> የአከራይ ፊርማ ………… የተከራይ ፊርማ …………
> ምስክር 1 ………… ምስክር 2 ………… ቀን …………

ሦስተኛው ቁጥር እንዳይቀር። ወረቀት ሲነካ ኪራይ ሊጨመር ይችላል፤ ጭማሪ ከተነሳ ራሱን ችሎ ይነጋገሩበት እንጂ ከቀን ማዛወር ጋር አይቀላቀል። አራተኛውን የጻፍኩት ደግሞ ቀናችሁ በ27 ሲሆን ጳጉሜን በወራችሁ መሃል ስለምትገባ ነው። ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 26 ስትቆጥሩት 35 ቀን ይሆናል። የእነዚያን አምስት ቀን ሒሳብ ብዙ አከራይ አይጠይቅም፤ ግን ሳይጻፍ ከቀረ በዓመት አንዴ የሚነሳ ነገር ይሆናል። አከራያችሁ ጳጉሜንን የሚያስከፍሉ ከሆነም እንደተስማማችሁት ጻፉት።

አንዳንድ አከራይ «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ አላምንሽም እንዴ?» ይላሉ። አትከራከሩ። «እኔ እንዳልረሳው ነው እትዬ፣ ለእርስዎም አንድ ቅጂ ይኖርዎታል» በሏቸው። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የሚያምኑት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ያው ሰው ምስክር ቢሆን ጥሩ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍያዎች አንድ ቀን አስቀድማችሁ ፈጽሙ

ደሞዙ በገባ ማግስት የኪራዩን ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በ26 ስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «ኪራይ ከኅዳር 27 እስከ ታኅሣሥ 26» ብላችሁ ጻፉ። «ኪራይ» ብቻ ካላችሁ የትኛው ወር እንደሆነ በኋላ አይታወቅም፤ ቀን በተዛወረበት ሰሞን ደግሞ የሚያጣላው ይኸው ነው። በጥሬ ብር የምትከፍሉ ከሆነ በደብተር ላይ ተመሳሳዩን ጽፋችሁ አስፈርሙ።

የውኃና የመብራት ክፍያ ከኪራይ ጋር አብሮ የሚሰበሰብ ከሆነ እሱ በድሮው ቀን ይቀጥል ወይስ አብሮ ይዛወር ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ኪራዩ ካለፈ በኋላ መጠየቅ። መጀመሪያ ያለባችሁን ክፈሉ፣ ከዚያ ስለ ቀኑ ተናገሩ።
- ደሞዝ በገባበት ዕለት ቀን መቁረጥ። ባንክ ኔትወርክ የለም የሚልበት ቀን አለ።
- ግቢ ውስጥ ያሉ ሌሎች ተከራዮችን ይዞ መሄድ። አከራዩ እንደ አድማ ያዩታል፤ የሁሉም ቀን አንድ ላይ ሲዛወር ደግሞ የዚያ ወር ገቢያቸው በአንዴ ይጎድላል። አንዱ ይቅደም፣ ሌላው በሚቀጥለው ወር ይጠይቅ።
- ስትለቁ አሮጌውን ቀን መቁጠር። ቤት ለመልቀቅ የምትሰጡት ማስታወቂያም ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው በአዲሱ ቀን ነው።

እምቢ ካሉስ?

እምቢታው ስለ ቀኑ ነው ወይስ ስለ መጠኑ ብላችሁ ለዩ። በ27 ካልተስማሙ «ሙሉውን ወደ 27 ከማዞር ይልቅ በ15 ግማሹን፣ በ27 ግማሹን ብከፍልስ?» በሏቸው። በ15 የሚደርሳቸው 2,250 ብር ዕቁባቸውን በከፊል ይሸፍናል፤ እናንተም ሙሉውን በደረቅ ሰሞን ከመፈለግ ትድናላችሁ። ይህም በወረቀት ይስፈር።

እሱንም ካልፈቀዱ ቀኑ ባለበት ይቆያል፣ ክፍተቱን እናንተ ትሸፍኑታላችሁ። ከየደሞዙ 450 ብር ለይታችሁ ብታስቀምጡ በአሥር ወር አንድ ሙሉ ኪራይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የ15ቱን ኪራይ ከተቀመጠው ትከፍላላችሁ፤ ደሞዝ ሲገባ ደግሞ የተነሳውን መልሳችሁ ትተካላችሁ። አሥር ወር ረጅም ነው፤ ቶሎ የሚሞላበት መንገድ ዕቁብ ከገባችሁ አስቀድሞ እንዲደርሳችሁ ጸሐፊውን መጠየቅ ነው።